አዛውንት ጠዋት ላይ 35.5 ሲለኩ፦ ጤነኛ ነው ወይስ መደንገጥ አለብን?

ቀጥታ ወደ መልሱ እንግባ። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰው፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ብብት ሥር ተለክተው 35.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያሳዩና እንደወትሮው ከሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ቁጥር ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ቴርሞሜትራችሁ በፋራናይት የሚያነብ ከሆነ 95.9 የሚለው ይኸው ነው።

ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አራት ነገር ተደርድሯል፦ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ የተለካበት ቦታ፣ የሰውየው ሁኔታ። አንዱ ከተለወጠ መልሱም ይለወጣል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ 35.5 ሌላ ነው። ጆሮ ላይ 35.5 ሌላ ነው። 35.5 ሆነው ስማችሁን ካጡት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው።

የብዙ ሰው ችግር የሚጀምረው ቁጥሩን ከ37 ጋር ሲያስተያይ ነው። ሙቀታችን ከሌሊቱ 10 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በጣም ይወርድና ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከፍ ይላል። ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ብብት ደግሞ ቆዳ ስለሆነ ከውስጥ ሙቀት ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ያነባል። በዚያ ላይ ሲያረጁ ሙቀት የሚያመነጨው ጡንቻ ይመነምናል፣ ሙቀት የሚይዘው ከቆዳ ሥር ያለ ስብም ይሳሳል። ሦስቱን ስትደምሩ የጠዋቱ 35.5 የሚያስደነግጥ አይሆንም። አደገኛ የሚባለው መስመር 35 ነው። እሱም የውስጥ ሙቀት 35 ማለት እንጂ የብብት 35 አይደለም።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩት። መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ መሣሪያውን፣ ከዚያ ቁጥሩን።

## ደረጃ 1፦ ቴርሞሜትሩን ከማንሳታችሁ በፊት ሰውየውን እዩ

ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ግን ሁልጊዜ የሚዘለው እሱን ነው።

1. አናግሯቸው። "እንዴት አደሩ?" ብቻ አይበቃም። "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለው መልስ እኮ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆነውም ከአፍ ይወጣል። "ትናንት ማታ ማን መጣ?"፣ "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" በሏቸው። ትናንት በደንብ ይመልሱ የነበሩ ሰው ዛሬ ከተምታታባቸው፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ነገሩ አስቸኳይ ነው።

2. ሆዳቸውን ንኩ። እጅና እግር አይደለም። የአዛውንት እጅና እግር ጠዋት መቀዝቀዙ የተለመደ ነው። እጃችሁን አሙቁና ከልብሳቸው ሥር ሆዳቸው ላይ አሳርፉ። ሆዱ ከሞቀ ጥሩ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ አድረው ሆዳቸው ከቀዘቀዘ ግን ሙቀታቸው በርግጥ ወርዷል ማለት ነው።

3. ትንፋሻቸውን ቁጠሩ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረታቸው ስንት ጊዜ እንደሚነሳ እዩ። እየቆጠራችሁ መሆኑን አትንገሯቸው፤ ካወቁ ይቀይሩታል። 22ና ከዚያ በላይ ከሆነ ልብ በሉት።

4. ልብሳቸውና አንሶላቸው ደረቅ መሆኑን እዩ። ሌሊት ሽንት አምልጧቸው ወይም አልቧቸው ከሆነ እርጥቡ ልብስ ሙቀታቸውን ሲመጥ ነው ያደረው። መጀመሪያ ልብሱን ቀይሩ፤ መለካቱ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "አይንቀጠቀጡም፣ ስለዚህ አልበረዳቸውም" አትበሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሙቀቱ ወርዶም ላይንቀጠቀጥ ይችላል፤ ብርድ ብርድ ይለኛል ብሎም ላይናገር ይችላል።

እዚህ ደረጃ ላይ ግራ መጋባት፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ የቀዘቀዘ ሆድ ወይም የፈጠነ ትንፋሽ ካያችሁ ቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ።

## ደረጃ 2፦ ዝግጅት

መሣሪያውን ለዩ። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓይነት አንዱ ይኖራችኋል፦ የመስታወት ባለሜርኩሪው፣ ጫፉ ብረት የሆነ ዲጂታል፣ ወይም ግንባር ላይ የሚደቀነው። ካላችሁ ዲጂታሉን ተጠቀሙ።

የመስታወቱ ለዚህ ሥራ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ መስመሩ የሚጀምረው ከ35 ነው። ከዚያ በታች ያለውን አያሳይም። ሁለተኛ፣ ያለፈውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሜርኩሪው ከ35 በታች እስኪወርድ በእጅ አንጓ አራግፉት። ስታራግፉ ከጠረጴዛና ከአልጋ ብረት ራቁ። ከተሰበረ ሜርኩሪውን በጣት አትንኩ፣ አትጥረጉትም። ሰው ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጠብታዎቹን በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉ።

ስክሪኑን እዩ። ዲጂታሉ ላይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ባትሪ ቀይሩ። ባትሪ የደከመ ዕቃ የሚሰጠውን ቁጥር ማመን አይቻልም። °C ወይም °F የሚለውን አረጋግጡ። ግንባር ላይ የሚደቀነው ብዙ ጊዜ ሁለት አሠራር አለው፤ Body እና Surface (አንዳንዱ ላይ Object) ይላል። የቆዳ ሙቀት ከውስጡ ስለሚያንስ፣ Surface ላይ ተረስቶ ከቆየ ጤነኛውን ሰው ሁሉ የቀዘቀዘ ያስመስለዋል።

ሰዓቱን ያዙ። ከእንቅልፍ እንደነቁ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ፊት ሳይታጠቡ፣ ቁርስና ቡና ሳይቀምሱ። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት።

መድኃኒት ጠይቁ። ሌሊት ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ወስደው ከሆነ ትኩሳት ቢኖርም ሊሸፍነው ይችላል። ቢቻል መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው በፊት ለኩ፤ ካልሆነም ከወሰዱ ስድስት ሰዓት ያህል ሲያልፍ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነም ትኩሳቱ ሊደበቅ እንደሚችል አስቡ።

## ደረጃ 3፦ ብብት ሥር በትክክል መለካት

አብዛኛው የተሳሳተ 35.5 የሚወለደው እዚህ ነው። ምክንያቱም የቀጭን አዛውንት ብብት ጎድጓዳ ነው። ቆዳው ይላላል፣ ክንድና ደረት በደንብ አይገጥሙም። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ሥጋ ሳይነካ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚለካውም የአየሩን ሙቀት ነው።

1. ብብታቸውን በደረቅ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁ። አትሹት፤ መታሸት ቆዳውን ያሞቀዋል።

2. ባዶውን ብብት ለአምስት ደቂቃ ዝጉት። ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቃችሁ ጋቢውን ደርቡላቸው። ይህ ብብቱን ከውስጥ ሙቀት ጋር ያቀራርበዋል። ይቺን የሚያደርግ ሰው ብዙም አላየሁም፤ ግን ትልቁን ለውጥ የምታመጣው እሷ ነች።

3. ቴርሞሜትሩን አብሩ። ጫፉን የብብቱ መሐል፣ ከፍ ብሎ ጥልቁ ቦታ ላይ አድርጉ። ከፊት ወደ ኋላ አሻግራችሁ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ አስገቡት። ጫፉ ከጀርባ በኩል ወጥቶ እንዳይሆን በጣታችሁ ዳስሱ። የካናቴራ ወይም የቀሚስ ጨርቅ መሐል መግባት የለበትም።

4. ክንዱን አውርዱና እጃቸውን በደረታቸው ላይ አሻግራችሁ ተቃራኒው ትከሻ ላይ አሳርፉ። ክርናቸውን እናንተ በቀስታ ወደ ደረት ያዙት። "አጥብቀው ይያዙ" ብላችሁ ብትሄዱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይላላል።

5. አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ዲጂታሉ የሚጮኸው የሙቀቱ አጨማመር ሲዘገይ ነው። ቀዝቃዛ ብብት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚጨምር "አለቀ" ብሎ ቀድሞ ሊጮህ ይችላል። ብዙዎቹ ከጮኹ በኋላም መለካታቸውን ይቀጥላሉ፤ የእናንተው እንደዚያ መሆኑን ከካርቶኑ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ እዩ። የመስታወቱን ግን ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ አቆዩት።

6. አውጥታችሁ ወዲያው አንብቡና ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የቱ ብብት፣ ቁጥሩ።

በስትሮክ አንድ ጎናቸው የደከመባቸው ከሆኑ ሁልጊዜ በደህናው ጎን ለኩ። የደከመው ጎን ቀዝቀዝ ሊል ይችላል። በአንድ ጎን ተኝተው ካደሩም የተኙበት ጎን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር፣ በጀርባቸው አስተኝታችሁ ትንሽ ጠብቁ።

## ደረጃ 4፦ ቁጥሩ አልጣም ሲላችሁ

ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለት የተራራቀ ቁጥር መጣ። በ0.2 ቢለያይ ችግር የለውም። 35.1 ብሎ ቀጥሎ 35.8 ካለ የመጀመሪያው ጫፉ ሳይነካ የተለካ ነው። ሦስተኛ ለኩና የሚቀራረቡትን ሁለቱን ያዙ። ጫፉ ሥጋ ስላልነካ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይበዛም፤ ስለዚህ በሁለት ልኬት መካከል ስትጠራጠሩ ከፍ ያለው ለእውነቱ ይቀርባል።

ስክሪኑ ላይ Lo ወይም L ወጣ። ብዙዎቹ ዲጂታሎች ይህን የሚያወጡት ከ32 በታች ሲሆን ነው። ሰውየው እያወሯችሁ ከሆነ ቴርሞሜትሩ ቦታውን ስቷል። እንደገና አስገቡት። ሰውየው የማይነቁ ከሆነ ግን ዕቃውን ጣሉትና ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።

የመስታወቱ ከ35 ንቅንቅ አላለም። ወይ አልነካም፣ ወይ በርግጥ ከ35 በታች ናቸው። በዚህ ዕቃ መለየት አይቻልም። ዲጂታል ፈልጉ።

መሣሪያውን ተጠራጠራችሁት። ቤት ውስጥ ያለ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዕቃ ይለካ። እሱም 35.4 ካለ ዕቃው ወይም አለካኩ ዝቅ ብሎ እያነበበ ነው። እሱ 36.4 ሆኖ እናታችሁ 35.5 ከሆኑ ዕቃው ደህና ነው። በረዶ ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተን ለዚህ አይሠራም፤ የሰውነት ቴርሞሜትር እስከ ዜሮ ወርዶ አያነብም።

ግንባር ላይ 35.5 አለ። ሻሽ ወይም ነጠላ አጥብቀው ነበር? አሁን ከውጭ ገቡ? አልቧቸዋል? ከውጭ ከገቡ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩ፣ ግንባሩን አድርቁ፣ እንደገና ለኩ። ከዚያም በብብት አረጋግጡ። በግንባር ልኬት ብቻ ውሳኔ አትስጡ።

## ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ማንበብ

ያው 35.5 በተለካበት ቦታ እንደዚህ ይለያያል።

ብብት፣ ጠዋት፦ ውስጡ ከ36 እስከ 36.5 ገደማ ነው ማለት ነው። ሰውየው ደህና ከሆኑ ጻፉና እለፉ።

አፍ (ምላስ ሥር)፦ ከብብት ይልቅ ለውስጥ ሙቀት ይቀርባል። ስለዚህ 35.5 ትንሽ ዝቅ ብሏል። ቡና፣ ሻይ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተው ከነበረ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ድገሙ። አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ወይም የሚምታታባቸው ከሆኑ አፍ ላይ አትለኩ።

ጆሮ፦ ጆሮ የውስጡን ይጠጋል ተብሎ ስለሚለካ 35.5 ድጋሚ መለካት ያስፈልገዋል። ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ቀዳዳውን አቅኑ። ኩክ የሞላው ጆሮ ዝቅ አድርጎ ያነባል። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው አውልቀው ሃያ ደቂቃ ይቆዩ።

ፊንጢጣ፦ እዚህ 35.5 ከሆነ ምንም ማሳበቢያ የለውም፤ ወርዷል። ሐኪም ይያቸው። ቤት ውስጥ ግን ለአዛውንት ይህን መንገድ አትሞክሩ፤ ሊጎዳ ይችላል።

### የራሳቸውን ቁጥር አግኙ

የዚህ ሁሉ ልኬት ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። 35.5 ለእሳቸው የዘወትር ቁጥር ከሆነ፣ የእሳቸው ትኩሳት ከእናንተ ትኩሳት ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

ደህና በሆኑበት ሳምንት ለሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት ለኩ። ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩና መሐለኛውን፣ አራተኛውን፣ ውሰዱ። መነሻቸው እሱ ነው። አንድ ቀን የተበላሸ ልኬት ቢገባም መሐለኛውን አያናጋውም፤ አማካይ ብታወጡ ግን ያዛባዋል።

አሁን ሕጉ፦ አዛውንት ከራሳቸው መነሻ 1.1 ዲግሪ ከጨመሩ፣ ቁጥሩ 38 ባይደርስም፣ እንደ ትኩሳት ይቆጠራል። በፋራናይት 2 ዲግሪ ነው። ይህ መለኪያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነው። የሚሠራው ግን በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ቦታ፣ በተቀራራቢ ሰዓት ከተለካ ብቻ ነው። የጠዋት ብብትን ከማታ ጆሮ ጋር ብታስተያዩ ያለ በሽታም 1.1 ይመጣል።

### በምሳሌ እንየው

ደብረ ብርሃን የሚኖሩ የ81 ዓመት እናት እንበል። ኅዳር ነው፤ ጠዋቱ ይቆረፍዳል። ልጃቸው ለሰባት ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለካች፦ 35.5፣ 35.3፣ 35.6፣ 35.5፣ 35.4፣ 35.5፣ 35.7። ስትደረድረው መሐለኛው 35.5 ሆነ። ከሰዓት በኋላ ስትለካ 36.1 አካባቢ ነው። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሆዳቸው ሙቅ ነው። ምንም መደረግ የለበትም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጠዋት 36.7 ሆነ። ልጅየዋ ደስ አላት። "ጎሽ፣ ዛሬ ሙቀታቸው ተስተካከለ" አለች።

አልተስተካከለም። ከመነሻቸው 1.2 ጨምሯል። ደረጃ 1ን ብትሠራ ኖሮ የቀረውንም ታየው ነበር፦ ቂንጬውን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ገፍተውታል፣ እሷን በእህቷ ስም ጠርተዋታል፣ ሌሊት አራቴ ለሽንት ተነስተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከሽንት ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንትና ደም መመርመር ይገባል። 38 እስኪሞላ ቢጠበቅ ምናልባት ጨርሶ ላይሞላ ይችላል።

ወደ ታች መውረዱም እንደዚያው ነው። መነሻቸው 36.3 የሆነ አባት አንድ ቀን 35.3 ሆነው ድብት ካሉ፣ "ለሽማግሌ ደህና ነው" ማለት አይሠራም። ከባድ ኢንፌክሽን በአዛውንት ላይ ትኩሳት ከመስጠት ይልቅ ሙቀቱን ሊያወርደው ይችላል። ከሁለቱ የሚከፋውም ይሄኛው ነው።

## ደረጃ 6፦ በርግጥ ከወረደ ምን ይደረግ

### ብብት ከ35 በታች፣ ሰውየው ነቅተው ያወራሉ

1. እርጥብ ነገር ካለ ቀይሩ። በር ዝጉ።
2. መጀመሪያ ደረትና ሆዳቸውን፣ ራሳቸውንም አሙቁ። ሹራብ፣ ጋቢ፣ ኮፍያ። ብርድ ልብሱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥራቸውም ይነጠፍ።
3. በደንብ የሚውጡ ከሆነ ለብ ያለ ጣፋጭ ሻይ ወይም አጥሚት ስጡ።
4. የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ስኳራቸውን ለኩ። የስኳር መውረድ ሙቀትንም ያወርዳል፣ ሰውንም ያደናግራል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስደው እራት ሳይበሉ ካደሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ደግማችሁ ለኩ። ማሽኑ ከሌለና ከተጠራጠራችሁ ስኳሩን ስጡ። የስኳር ሕመምተኛ ዓብይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ይህን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።
5. በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፍ ካላለ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

### ግራ ተጋብተዋል፣ አይነቁም፣ ሆዳቸው ቀዝቅዟል ወይም ትንፋሻቸው ፈጥኗል

አትሞክሩ፣ አትጠብቁ። አምቡላንስ ጥሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል 907 ነው፣ አዲስ አበባ 939ም አለ። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112።

እስኪመጣ ድረስ አጋድማችሁ ሸፍኗቸው። ስታነሱና ስታገላብጡ ቀስ በሉ፤ በጣም የቀዘቀዘ ሰው ልብ በመናወጥ ምቱ ሊዛባ ይችላል። የማይነቃ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አትጨምሩ።

### እነዚህን አታድርጉ

ከሰል አቀጣጥላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ። ከሁሉም በላይ ይህችን ያዙልኝ። ጭሱ ባይታይም፣ ፍም ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደንዘዝ ስለሆነ ደግሞ ከብርድ ጋር ይምታታባችኋል።

እጅና እግራቸውን አትሹ። ሙቅ ውኃ ውስጥ አትንከሯቸው። አረቄ አትስጡ፤ ሙቀት ሙቀት ይላቸዋል እንጂ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያስወጣዋል። ፍል ውኃ የሞላ ላስቲክ ከተጠቀማችሁ በፎጣ ጠቅልሉት። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ሲቃጠል አይሰማውም።

## ጤና ጣቢያ ስትሄዱ

ሁልጊዜ ከ35.5 በታች የሚሉ ከሆነና ባይታመሙም፣ በቀጠሮ አሳዩአቸው። ሐኪሙ ሊያይ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የታይሮይድ ማነስ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፦ ሁሌ ይበርዳቸዋል፣ ድርቀት ይይዛቸዋል፣ ቆዳቸው ይደርቃል፣ ድምፃቸው ይጎረናል፣ ነገር ሁሉ ዝግ ይልባቸዋል። ሰው "እርጅና ነው" ብሎ ያልፈዋል። ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ ይለየዋል። ሁለተኛው አመጋገብ ነው፤ ልብሳቸው እየሰፋ ከሄደ ክብደታቸውን አስለኩ። ሦስተኛው መድኃኒት ነው፤ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች፣ ክሎርፕሮማዚንና እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች ሰውነት ብርድን የሚከላከልበትን አቅም ሊያዳክሙ ይችላሉ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡባቸው።

የመድኃኒቶቹን ካርቶን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ልኬት የጻፋችሁበትንም ወረቀት ያዙ። ሲገቡ ነርሷ ለክታ "36.7፣ ትኩሳት የላቸውም" ልትል ትችላለች። ያኔ በትሕትና እንዲህ በሉ፦ "ጠዋት ጠዋት በብብት 35.5 ነው የሚለኩት፣ ይኸው የሳምንቱ። ዛሬ በዚያው ሰዓት 36.7 ሆኑ፤ ከትናንት ጀምሮ ነገር ይምታታባቸዋል፤ ምግብም አልቀመሱም።"